ታላቅ መንግሥት በምን ይፈርሳል?

በዛሬይቱ ጀርመን አገር፥ የዳኑብ ወንዝና የኢን ወንዝ በሚገናኙበት ቦታ፥ ፓሳው የምትባል ከተማ አለች። በሮማውያን ዘመን ስሟ ባታቪስ ይባል ነበር። የሮማ መንግሥት የሰሜን ወሰን በዚያ በኩል ያልፍ ስለ ነበረ፥ ወንዙን የሚጠብቅ ጭፍራ ሰፍሮባት ይኖር ነበር። በ5ኛው መቶ ዓመት፥ መንግሥቱ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው፥ ለወሰን ጠባቂዎች ይከፈል የነበረው ደመወዝ ተቋረጠ። ደመወዙ ሲቀር በየሰፈሩ የነበሩት ወታደሮች ተበተኑ። የባታቪስ ጭፍራ ግን ገና አልተበተነም ነበርና፥ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ የመጨረሻውን ደመወዝ ለጓደኞቻቸው ሊያመጡ ወደ ኢጣልያ ጉዞ ጀመሩ። በመንገድ ሳሉ ጠላት አግኝቶ ገደላቸው። በሰፈር የቀሩት መሞታቸውን አላወቁም ነበር፤ ኋላ ግን ሬሳቸውን ወንዙ እየገፋ አምጥቶ ከዳር ጣለው። ይህን ታሪክ በ511 ዓ.ም. ገደማ የጻፈልን አውጊጲዮስ የሚባል መነኵሴ ነው። ዘመኑን እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ታላቅ መንግሥት ወደቀ ሲባል፥ ብዙ ሰው የሚታሰበው አንድ ብርቱ ጦርነት፥ የሚቃጠል ከተማና የሚሸሽ ንጉሥ ነው። እውነተኛው አወዳደቅ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ባታቪሱ ነው። ደመወዝ የሚጠብቅ ወታደር አለ፤ ደመወዙ ግን አይመጣም። ስለዚህ የመንግሥትን መውደቅ ለመመርመር የሚፈልግ ሰው፥ የመጨረሻውን ጦርነት ከመጠየቅ ይልቅ «ያ ደመወዝ ወዴት ሄደ?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ከዚህም ቀጥሎ አንድ የሞራል ጥያቄ ይመጣል። ይኸውም ጥፋቱ የማን ነው? የመጨረሻው ንጉሥ ነውን? ወይስ ከ200 ዓመት በፊት በደስታ ነግሦ በሰላም የሞተው?

ነገሩን ከመነሻው እንመልከት። በወንጌል ሕዝብ እንዲጻፍ ያዘዘው አውግስጦስ ቄሣር ከመንገሡ በፊት፥ የሮማ ወታደር የመንግሥት ሳይሆን የአዛዡ ወታደር ነበር። ከዘመቻ ሲመለስ የሚኖርበትን መሬት የሚሰጠው አዛዡ ስለ ሆነ፥ አዛዡ «በሮማ ላይ ዝመት» ቢለው ይዘምታል። ብዙ የእርስ በርስ ጦርነት የመጣው ከዚህ ነው። አውግስጦስ ይህን ክፉ ነገር ከሥሩ ሊነቅል አሰበ። ወታደሩ የታወቀ የአገልግሎት ዘመንና በዓመት 225 ዲናር ደመወዝ እንዲኖረው አደረገ፤ ዘመኑን ሲፈጽም ደግሞ 3,000 ዲናር ጡረታ ተቈረጠለት። አንድ ዲናር ምን ያህል እንደ ሆነ ወንጌልን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል፤ በወይኑ አትክልት ምሳሌ ለአንድ ቀን ሠራተኛ የተስማሙበት ዋጋ ነው።

ጡረታው የሚከፈልበትን ገንዘብ ለማግኘትም በ6 ዓ.ም. ልዩ ግምጃ ቤት አቋቋመ። በመጀመሪያ ከራሱ ሀብት 42 ሚሊዮን ዲናር ያህል አገባ። ከዚያም የሮማ ዜጎች ከሚወርሱት ሀብት ከ100 እጅ 5፥ በሐራጅ ከሚሸጥ ዕቃም ከ100 እጅ 1 እንዲከፈል አዘዘ። የሮማ ባለጠጎች በዚህ እጅግ አጕረመረሙ፤ እርሱ ግን አልተመለሰም። ይህን ልብ ብለን እንያዘው። አውግስጦስ ለወታደሩ የገባውን ቃል የደገፈው ሀብት ካለው ሰው ላይ በተወሰደ ገንዘብ ነው። በዚህም 300,000 የሚያህል ሠራዊት እጅግ ሰፊ የሆነውን አገር ሁለት መቶ ዓመት ያህል ጠበቀው።

ነገር ግን አንድ ስውር ችግር ነበረ። ሮማ አገር በምታቀናበት ዘመን ጦር ሠራዊቱ ራሱን በራሱ ይመግብ ነበር፤ ከድል በኋላ ወርቅ፥ ባሪያና የማዕድን ጕድጓድ ይገኛልና። ከ106 ዓ.ም. በኋላ፥ ትራያኖስ ቄሣር የዳኪያን ወርቅ ማርኮ ካመጣ ወዲህ፥ እንደዚያ ያለ ትርፍ ያለው ድል አልተገኘም። ዳሩ ግን ወታደሩ አልቀነሰም። ወሰኑ ስለ ረዘመ እንዲያውም የሚጠብቀው በዛ። እንግዲህ ጦሩ ገንዘብ የሚያመጣ መሆኑ ቀርቶ ገንዘብ የሚበላ ሆነ ማለት ነው። የሚበላውም የሚመጣው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እርሱም ገበሬው በየዓመቱ ከሚገብረው ግብር ነው።

በ193 ዓ.ም. ወታደሩ የእጁን ኀይል ዐወቀ። የቤተ መንግሥቱ ዘበኞች ንጉሠ ነገሥቱን ጴርቲናክስን ገድለው ዘውዱን እንደ ገበያ ዕቃ ለጨረታ አቀረቡት። ዲዲዮስ ዩልያኖስ የተባለ ባለጠጋ ለያንዳንዱ ዘበኛ 6,250 ዲናር እሰጣለሁ ብሎ አሸነፈና ነገሠ። ይህ ገንዘብ የአንድ ተራ ሌጌዎን ወታደር የ20 ዓመት ደመወዝ ያህል ነው። ዩልያኖስ በዙፋኑ ላይ የተቀመጠው 66 ቀን ብቻ ሲሆን፥ እርሱም ተገደለ። ከእርሱ በኋላ ዘውዱን በጦር ኀይል የያዘው ሴፕቲሞስ ሴዌሮስ የወታደሩን ደመወዝ ጨመረ። በ211 ዓ.ም. በብሪታንያ ሲሞትም፥ በዘመኑ የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ዲዮ ካሲዮስ እንደሚነግረን፥ ልጆቹ እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ፥ ወታደሮችን እንዲያበለጽጉና ሌላውን ሰው ሁሉ ከቁም ነገር እንዳይቈጥሩ መክሯቸው ነበር። ታላቁ ልጅ ካራካላ የመጀመሪያውን ምክር ጥሎ ወንድሙን ገደለው፤ ሁለተኛውን ግን ጠብቆ በደመወዙ ላይ ሌላ ግማሽ ጨመረበት።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጭማሪ ከየት ይከፈል? ግብር መጨመር ሕዝብን ያስነሣል፤ የወታደሩን ደመወዝ መቀነስ ራስን ያስቈርጣል። ነገሥታቱ ሦስተኛ መንገድ አገኙ። ይኸውም የዲናሩን ብር መቀነስ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። በአውግስጦስ ዘመን ዲናሩ ከ100 እጅ 95 የሚያልፍ ጥሩ ብር ነበረ። ከግብር የተሰበሰበውን 100 ዲናር መንግሥት አቅልጦ፥ ብሩን ከመዳብ ጋራ እኩል ቢቀላቅለው 190 ዲናር ይወጣዋል። መልኩ ያው ነው፤ የቄሣሩም ምስል አለበት። ኔሮን ቄሣር በ64 ዓ.ም. ገደማ ጥቂት ቀነሰ፤ በሴዌሮስ ጊዜ ብሩ ወደ ግማሽ ወረደ፤ ካራካላ በ215 ዓ.ም. ሌላ አዲስ ገንዘብ አወጣ፤ ታሪክ አዋቂዎች እንደሚያስረዱት በሁለት ዲናር ዋጋ የሚቈጠር ሲሆን፥ በውስጡ ያለው ብር ግን አንድ ዲናር ተኩል ያህል ብቻ ነው። በ268 ዓ.ም. ጋሊየኖስ ቄሣር ሲሞት፥ ይኸው ገንዘብ ከ100 እጅ 5 እንኳ ብር አልነበረውም። በመዳብ ላይ የተቀባ ብር ነበረ ለማለት ይቻላል።

በዚህ ሥራ ማን ይጠቀማል፥ ማንስ ይጐዳል? አዲሱን ገንዘብ በመጀመሪያ የሚቀበለው ወታደር ነው፤ ነጋዴው ገና ስላልነቃ በድሮው ዋጋ ይገዛበታል። ወር ሁለት ወር ሲቈይ ነጋዴው ገንዘቡን በሚዛን መመዘንና በጥርሱ መንከስ ይጀምራል፤ ዋጋም ይጨምራል። አሮጌው ጥሩ ዲናር ያለው ሰው መሬት ቈፍሮ ይቀብረዋል። ገንዘቡ በመጨረሻ የሚደርሰው እህሉን ለመሸጥ ገበያ የሚወጣው ገበሬ ዘንድ ነው፤ በእርሱ እጅ ሲገባ ግን ዋጋው ወድቋል። ስለዚህ ብሩን የቀነሰ መንግሥት በገበሬው ላይ ሳይነግረው ግብር ጥሎበታል ማለት ነው። ከሰው ኪስ በሌሊት የሚወስድ ሰው ሌባ ይባላል፤ በሠራተኛው ዲናር ውስጥ ያለውን ብር በማቅለጫ ቤት የሚወስደውስ ምን ይባል?

ሌባው ግን ራሱም ይሰረቃል። በሚቀጥለው ዓመት ገበሬው ግብሩን ሲከፍል የሚከፍለው በዚያው በመዳብ ገንዘብ ነውና። መንግሥት ያወጣው መጥፎ ገንዘብ ተመልሶ ወደ ግምጃ ቤቱ ይገባል፤ ወታደሩም ባለፈው ዓመት የበቃው ደመወዝ ዘንድሮ አይበቃኝም ይላል። ስለዚህ እንደ ገና ይቀነሳል። በ260 ዓ.ም. በግብፅ፥ ኦክሲሪንኮስ በምትባል ከተማ፥ ገንዘብ መንዛሪዎች የንጉሡን ገንዘብ አንቀበልም ብለው ሱቃቸውን ዘግተው እንደ ነበረና ሹሙ ከፍተው እንዲቀበሉ ትእዛዝ እንዳወጣ፥ የትእዛዙ ወረቀት በአሸዋ ውስጥ ተገኝቶ ዛሬ ይነበባል። ገንዘብን ሰው በትእዛዝ ካልሆነ የማይቀበለው ከሆነ፥ በሽታው መግባቱ የሚታወቅበት ምልክት ያ ነው።

በዚያው በ260 ዓ.ም. ቫሌርያኖስ ቄሣር በፋርስ ንጉሥ በሻፑር ተማረከ። ከ235 እስከ 284 ዓ.ም. ባለው ዘመን ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ዘውድ ጫኑ፤ አብዛኞቹም በገዛ ወታደሮቻቸው እጅ ሞቱ። አዲስ የነገሠ ሁሉ ለወታደሩ የደስታ ስጦታ መስጠት ልማድ ነበረና፥ ለወታደሩ ንጉሥ መግደል ከደመወዝ የሚሻል ገቢ ሆነለት።

እኛ ኢትዮጵያውያን ዘመነ ሰማዕታትን በስሙ የምንቈጥርበት ዲዮቅልጥያኖስ በ284 ዓ.ም. ሲነግሥ፥ በገንዘብ ላይ ተስፋ ተቈርጦ ነበር። እርሱም ግብሩ በስንዴ፥ በዘይት፥ በሥጋና በልብስ ለጦሩ እንዲገባ አደረገ፤ በ301 ዓ.ም. ደግሞ ለዕቃ ሁሉ የዋጋ ወሰን ቈርጦ፥ ያለፈውን በሞት እቀጣለሁ አለ። ዋጋው አልወረደም፤ ዕቃው ግን ከገበያ ጠፋ። ከእርሱ በኋላ ቈስጠንጢኖስ ከአንድ የሮማ ፓውንድ 72 የሚወጣ ጥሩ የወርቅ ገንዘብ አቆመ። ይህ ገንዘብ ብዙ መቶ ዓመት ጸና። ነገር ግን ወርቅ ያለው ባለጠጋ ሲጠበቅ፥ ድኻው በእጁ የሚይዘው የመዳብ ገንዘብ እየወደቀ ሄደ።

መንግሥቱ በዲዮቅልጥያኖስና በቈስጠንጢኖስ ብርታት ዳግመኛ ቆመ፤ ይህ እውነት ነው። የቆመበት ምሰሶ ግን ሰውን ማሰር ነበረ። የግብሩ መጠን ከላይ ተወስኖ ሲመጣ፥ የየከተማው ሽማግሌዎች ሰብስበው እንዲያስገቡ ይታዘዛሉ፤ የጐደለውን ከገዛ ሀብታቸው ይሞላሉ። ሽማግሌዎቹ ሹመቱን መሸሽ ሲጀምሩ፥ ልጅ የአባቱን ሹመት በግድ ይውረስ የሚል ሕግ ወጣ። ገበሬው መሬቱን ጥሎ መሸሽ ሲጀምር ደግሞ በ332 ዓ.ም. ቈስጠንጢኖስ፥ ሊሸሽ ያሰበ ጭሰኛ በሰንሰለት እንዲታሰር ፈቀደ። ትልልቆቹ ባላባቶች ግን በቤተ መንግሥት ወዳጅ ነበራቸውና ግብራቸውን እያዘገዩ ያከርሙታል። ውዝፉ ሲበዛ ንጉሡ ምሕረት ያደርጋል፤ ምሕረቱ የሚጠቅመው ያልከፈለውን ባለጠጋ ነው። ድኻው ግን ገና በዓመቱ መባቻ ተይዞ ከፍሏል።

ይህ ሁሉ የግድ ነበረ እንዳይባል አንድ ምስክር አለ። ዩልያኖስ የተባለው፥ ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነው፥ ከ355 ዓ.ም. ጀምሮ የጋልያ ማለት የዛሬይቱ ፈረንሳይ ገዥ ሆኖ ተሾመ። አብሮት የነበረው ታሪክ ጸሐፊ አሚያኖስ እንደሚለው፥ ሲመጣ በአንድ የግብር ራስ 25 የወርቅ ገንዘብ ይጠየቅ ነበር፤ ሲሄድ 7 ብቻ ሆኖ ነበር። የጦሩ ስንቅ ግን አልጐደለም፤ በ357 ዓ.ም. እንዲያውም በስትራስቡርግ አጠገብ ጠላትን ድል አደረገ። ውዝፍ ግብር እንዲማር ሲለመን ግን እምቢ ይል ነበር፤ ምሕረቱ የሚጠቅመው ባለጠጎችን መሆኑን ያውቃልና። እንግዲህ ከ25ቱ 18ቱ በግብር ሰብሳቢው፥ በአማላጁና በሰነፍ አስተዳደር መካከል ይቀር እንደ ነበረ ይታያል።

ወደ ጦሩ እንመለስ። የወታደር ልጅ የሚመጣው ከገበሬ ቤት ነው። ባላባቱ ግን ጭሰኛው ወደ ጦር ከሄደ መሬቱ ጦም ያድርብኛል ብሎ፥ ደካማውን ሰው ይሰጣል፤ ወይም በሰው ፋንታ ወርቅ ይከፍላል። መንግሥትም በወርቁ ከወሰን ማዶ ያሉትን ጎቶችንና ሌሎችን ሕዝቦች ይቀጥራል። ብዙ ጸሐፊዎች «ሮማን ያጠፋት ባዕድ ወታደር ነው» ይላሉ። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው። ባዕድ የሆነ ወታደር በጥሩ ከተያዘ ብዙ ጊዜ በታማኝነት አገልግሏል፤ የከፋው አያያዙ ነው።

በ376 ዓ.ም. ጎቶች ሁን የሚባሉትን ፈረሰኞች ሸሽተው የዳኑብን ወንዝ እንዲሻገሩ ተፈቀደላቸው። ስንቅ ሊሰጣቸው ቃል ተገብቶ ሳለ፥ የሮማ ሹማምንት እህሉን ይዘው የውሻ ሥጋ እየሰጡ ልጆቻቸውን በባርነት ይገዙ ጀመር። ጎቶች ሸፈቱ። በ378 ዓ.ም. በአድሪያኖፕል ጦርነት ቫሌንስ ቄሣር ራሱ ሞተ፤ ከሠራዊቱም ከሦስት ሁለቱ እጅ በአንድ ቀን አለቀ። በ408 ዓ.ም. ደግሞ አባቱ ቫንዳል የነበረውና ምዕራቡን ለብዙ ዓመት የጠበቀው የጦር አዛዥ ስቲሊኮ በቤተ መንግሥት ተንኰል ተገደለ። በዚያው ሰሞን በኢጣልያ ከተሞች የነበሩት የባዕዳን ወታደሮች ሚስቶችና ልጆች ታረዱ። ወታደሮቹም በሺህ የሚቈጠሩ ሆነው ወደ ጎቶች ንጉሥ ወደ አላሪክ ገቡ። አላሪክ በ410 ዓ.ም. ሮማን ዘረፈ። እነዚያን ወታደሮች ጠላት ያደረጋቸው ማን ነው?

ከዚህ በኋላ ነገሩ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ራሱን በራሱ ይዞር ጀመር። ጦር ያለ ደመወዝ አይቆምም፤ ደመወዝ ያለ ግብር አይገኝም፤ ግብር የሚገብር መሬት ያለ ጦር አይጠበቅም። አንድ አውራጃ በጠላት ሲያዝ ወይም ሲቃጠል፥ የጠፋው ያ አውራጃ ብቻ አይደለም፤ በእርሱ ግብር ይኖር የነበረው ጭፍራም ጠፋ። ያ ጭፍራ ሲጠፋ ደግሞ እርሱ ይጠብቀው የነበረው ሌላው አውራጃ ተጋለጠ። የዚህን ልክ ከግብር ሕጎች መረዳት ይቻላል። ጎቶች በኢጣልያ ካለፉ በኋላ፥ በ413 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የተጐዱት አውራጃዎች ከወትሮው ግብር አንድ አምስተኛውን ብቻ እንዲከፍሉ ፈቀደ። ንጉሥ በገንዘብ ችግር ሳለ ከአምስት አራት እጅ ከማረ፥ አገሩ ምን ያህል እንደ ተጐዳ ራሱ መሰከረ።

የመጨረሻው ታላቅ ጕዳት አፍሪቃ ነው። ዛሬ ቱኒዚያና አልጀሪያ የሚባሉት አገሮች ያን ጊዜ ለሮማ ከተማ ስንዴና ዘይት የሚልኩ፥ ከባሕር ማዶ ስላሉም ጦርነት እምብዛም ያልነካቸው፥ የምዕራቡ መንግሥት ጐተራ ነበሩ። ቫንዳሎች በንጉሣቸው በጌይሴሪክ እየተመሩ በ429 ዓ.ም. ከእስጳንያ ወደ አፍሪቃ ተሻገሩ፤ በ439 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ፈረንጆች ካርቴጅ የሚሏትን ቅርጣግናን ያዙ። አምስት ዓመት ሳይሞላ፥ በ444 ዓ.ም. ቫሌንቲንያኖስ ሣልሳዊ ባወጣው ሕግ፥ ያለው ገቢ አዲሱን ወታደር ቀርቶ ነባሩን እንኳ ለማብላትና ለማልበስ እንደማይበቃ ንጉሡ በገዛ ቃሉ አመነ፤ በሚሸጥ ዕቃ ሁሉ ላይም ከ24 አንድ እጅ ግብር ጣለ። ከ250 ዓመት በፊት የወታደሩን ልብ በገንዘብ ለመግዛት የተጀመረው ነገር፥ ወታደሩን ማብላት በማይቻልበት ቀን ተፈጸመ።

በ468 ዓ.ም. አፍሪቃን ለማስመለስ የምሥራቁና የምዕራቡ መንግሥት በአንድነት 1,000 የሚያልፍ መርከብ ሰደዱ። ለዚህ ዘመቻ የወጣው ወርቅ ከ20,000 ኪሎ የሚያልፍ እንደ ነበረ ተጽፏል። አዛዡ ባሲሊስኮስ ከቅርጣግና አጠገብ ደርሶ ሳለ ጌይሴሪክ የአምስት ቀን ዕርቅ ለመነው፤ እርሱም ሰጠው። በዚያ መካከል ነፋሱ ሲዞር ጌይሴሪክ እሳት የተለቀቀባቸውን ባዶ መርከቦች በሮማውያን መርከቦች መካከል ለቀቃቸው። ዘመቻው በአንድ ሌሊት ከሰረ። ባለጠጋ መንግሥት በአንድ ሌሊት ቢሸነፍ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል፤ ምዕራቡ ግን ለሁለተኛ ዘመቻ የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም። በ476 ዓ.ም. በኢጣልያ የቀሩት ቅጥር ወታደሮች፥ የሚከፈላቸው ቢያጡ፥ በደመወዝ ፋንታ የኢጣልያን መሬት ሲሶ ጠየቁ። እምቢ ሲባሉ አለቃቸውን ኦዶአክርን አነገሡ። የመጨረሻው ቄሣር ሮሙሎስ ገና ልጅ ነበረና፥ ኦዶአክር ራርቶለት በዓመት 6,000 የወርቅ ገንዘብ ተቈርጦለት ወደ ገጠር ሄደ። የባታቪስ ወታደሮች በውሃ ዳር ሲወድቁ፥ ንጉሡ ጡረታ አገኘ።

አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት «ሮማን ያጠፋት ምቾትና ስካር ነው» የሚለውን ሰምተህ ይሆናል። ነገሩን በሚዛን እንየው። የምሥራቁ መንግሥት ያው ሕግ፥ ያው ባለጠጋ፥ ያው የፈረስ እሽቅድምድም ነበረው፤ ነገር ግን እስከ 1453 ዓ.ም. ቆየ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ዋና ከተማው ቍስጥንጥንያ በ413 ዓ.ም. በተፈጸመ ብርቱ ቅጥር ተከቦ በባሕር ዳር ቆሟል፤ ጠላት ከሰሜን መጥቶ ባልካንን ቢያቃጥል እንኳ፥ ቅጥሩንና ባሕሩን አልፎ ወደ ግብፅ፥ ወደ ሶርያና ወደ እስያ መድረስ አልቻለም። የእነዚህም አገሮች ግብር አልተቋረጠም። እንግዲህ ኀጢአት በሁለቱም ነበረ፤ የደመወዙ ምንጭ ግን በአንዱ ደረቀ፥ በሁለተኛው ቀረ። ቸነፈርና የሁኖች መምጣትም የራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ማንም ንጉሥ ያላዘዛቸው ናቸውና በሰው ላይ አይቈጠሩም።

ይህ በሮማ ብቻ የደረሰ አይደለም። የባግዳድ ኸሊፋዎች በ9ኛው መቶ ዓመት ቱርካውያን ወታደሮችን ገዝተው ጠባቂ አደረጓቸው። በ861 ዓ.ም. ጠባቂዎቹ ኸሊፋውን ገደሉ፤ በሚቀጥሉት 9 ዓመታት አራት ኸሊፋዎች ተፈራረቁ። ከእነርሱ አንዱ ሙዕተዝ በ869 ዓ.ም. ደመወዝ ሲጠየቅ ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበረ፤ እናቱ ብዙ ወርቅ ደብቃ ሳለ የተጠየቀችውን አልሰጥም አለች፤ ልጅዋም ተሽሮ ሞተ። በዚያው ዘመን የግብፅ ገዥ ኢብን ቱሉን የግብፅን ግብር ለራሱ ያስቀር ጀመር። ኋላ ወታደሩ በደመወዝ ፋንታ የመንደር ግብር እንደ ጉልት ተሰጠው፤ በ945 ዓ.ም. ባግዳድን ሌሎች ሰዎች ሲይዟት ኸሊፋው ስም ብቻ ሆኖ ቀረ። አገሩ ሌላ፥ ሃይማኖቱ ሌላ፤ ወፍጮው ግን ያው ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ ጥፋቱ የማን ነው? ቫሌንቲንያኖስ ቢፈልግም ሊከፍል አይችልም ነበር። ኦዶአክርም የተራበ ወታደር አለቃ ነው። እኔ ጥፋቱን የምጭነው በሚችሉበት ቀን ባላደረጉት ላይ ነው። ሴዌሮስ ሲነግሥ አገሩ ገና ሙሉ ነበረ፤ ዲናሩም መዳብ አልሆነም። ሰይፍ ያለውን ፈርቶ፥ ሰይፍ ከሌለው ወስዶ ከፈለው። እርሱ በአልጋው ላይ ሞተ፤ ዕዳው ግን አልሞተም። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ዕዳውን ለነገ እያስተላለፉ ጥቂት ጥቂት ጨመሩበት። የሚከፍለው ሰው ያን ጊዜ ገና አልተወለደም ነበርና ሊከራከር አልቻለም።

ከዚህም የሚከፋ ሌላ ነገር አለ። በ440ዎቹ ዓመታት በማርሴይ ከተማ የነበረው ቄስ ሳልቪያኖስ፥ ድኾች ከግብር ሰብሳቢው ሸሽተው በጎቶች ዘንድ መኖርን እንደ መረጡ በኀዘን ጽፏል። መንግሥት ከገበሬው ብሩን፥ እህሉንና ልጁን ሊወስድ ይችላል። «ይህ መንግሥት የኔ ነው፥ ቢጠፋ እጐዳለሁ» የሚለውን ሐሳብ ከወሰደበት በኋላ ግን ቅጥሩን የሚጠብቅለት ማን ነው? አውግስጦስ ከባለጠጎች ጋራ ተጣልቶ የወታደሩን ጡረታ ሲያቋቁም ይህን ዐውቆት ይሆናል።

የባታቪስ ወታደሮች ግን እስከ መጨረሻው አመኑ። መንግሥታቸው የሚከፍላቸው መስሏቸው ስንቃቸውን ይዘው ተነሡ። ቃሉን ያፈረሰው ሰው ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነበረ፤ ቃሉን አምነው መንገድ ላይ የቀሩት እነርሱ ናቸው።